ለመስከረም የሚሸጠው በሰኔ ይለካል፦ አዳማ ላይ የዩኒፎርምና የደብተር ሱቅ የክረምት ዝግጅት

ደብተርና ዩኒፎርም በአንድ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጡም አገዛዛቸው አንድ አይደለም። ደብተር ካለቀ አዳማ ያለ ነጋዴ ጠዋት ተነስቶ በፈጣን መንገዱ መርካቶ ገብቶ፣ ከሰዓት በኋላ ጭኖ ይመለሳል፤ መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙ አይርቅም። ቢተርፍም ለሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ይሸጣል። ዩኒፎርም ግን እንዲህ አይደለም። የአንድ ትምህርት ቤት አርማ ያለበት ሹራብ ለሌላ ትምህርት ቤት ልጅ አይሆንም፣ የ30 ቁጥር ሱሪም ለ26 ቁጥር ልጅ አይሆንም። ሲያልቅም ቶሎ አይተካም፤ ያን ሰሞን ሰፊው ሁሉ ሥራ በዝቶበታል። ስለዚህ የክረምቱ ሐሳብ አብዛኛው ዩኒፎርሙ ላይ ይሁን። ማስታወቂያውንም የምንሠራው ዕቃ ለመሸጥ ሳይሆን ልኬት ቀድሞ ለማግኘት ነው። ዩኒፎርም መስከረም ላይ ማንም ሳያስተዋውቀው ይሸጣል፤ የሚያስፈልገው ሰኔና ሐምሌ ላይ የትኛው ቁጥር ስንት እንደሚሄድ ማወቅ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ከትምህርት ቤቱ አንድ ወረቀት መያዝ አለበት። የሱሪና የጉርድ ቀሚሱ ቀለም፣ የሸሚዙ ቀለም፣ የአርማው ቦታና መጠን ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ የጨርቁ ቁራጭ ከወረቀቱ ጋር በስቴፕለር ተያይዞ ይቀመጥ። «ሰማያዊ» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ሦስት ዓይነት ጥቁር ሰማያዊ አለ። ትምህርት ቤቶች ቀለም የሚቀይሩት ብዙውን ጊዜ ባለቤት ወይም ርእሰ መምህር ሲቀየር ነው፤ ወሬው የሚሰማው ደግሞ ነሐሴ ላይ ነው። ስለዚህ «በሚቀጥለው ዓመት ለውጥ አለ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ፣ ያውም ሰኔ ሳይወጣ መጠየቅ ይሻላል። ማኅተም ለማድረግ የሚያመነታ ትምህርት ቤት ካለ ለእሱ ያለቀለት ልብስ አስቀድሞ ማሰፋት ልክ አይደለም፤ ጨርቅ ብቻ ይያዝለት።

ቁጥሩን እንዴት እንደምናወጣ በአንድ ምሳሌ ልሂድ። ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል 480 ተማሪዎች ያሉት፣ በየክፍሉ 60 ልጅ ያለው የግል ትምህርት ቤት እንውሰድ። የመዋለ ሕፃናቱ ልብስ የተለየ ስለሆነ ወደ 1ኛ ክፍል የሚገቡት 60 ልጆች ሁሉ አዲስ ገዢ ናቸው። ከእነሱ ግማሹ ሁለት ሙሉ ልብስ ይገዛል ብንል 90 ሙሉ ይሆናል። ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውረው የሚመጡ በየክፍሉ 5 ቢሆኑ፣ ከ2ኛ እስከ 8ኛ ድረስ 35 ልጆች ናቸው፤ በዚያው ሒሳብ ወደ 52 ሙሉ። ከቀሩት 385 ነባሮች ግማሽ ያህሉ አንድ አንድ ይቀይራሉ፣ ይኸውም 190 ገደማ። ድምሩ 330 አካባቢ ነው። ለትምህርት ቤቱ ሌላም ሱቅ የሚሸጥ ከሆነና ካለፈው ዓመት ሽያጭ ተነስተን ድርሻችን 60 በመቶ ነው ካልን፣ የምንዘጋጀው ለ200 ሙሉ ልብስ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ማንም ሰው በራሱ ትምህርት ቤት ይቀይራቸው። ዋናው ነገር አዲስ ገቢ፣ ተዛዋሪና ነባር ለየብቻ መቆጠራቸው ነው። የተማሪውን ብዛት በጅምላ ይዞ «ግማሹ ይገዛል» ማለት የ1ኛ ክፍሉን ትንንሽ ቁጥር ያሳንሳል፣ የትልልቆቹን ደግሞ ያበዛል።

200ው ለቁጥሮች ሲከፋፈል ወላጅ ልጁን በልኩ እንደማያለብስ መዘንጋት የለበትም። 24 ቁጥር የሚበቃው የ1ኛ ክፍል ልጅ 26 ነው የሚገዛለት፤ «ያድግበታል» ተብሎ። ስለዚህ መለኪያው ብዙ 24 ቢያሳይም ከመደርደሪያ የሚወርደው 26 ነው። በዚህ ምሳሌ 24 ቁጥር 14፣ 26 ቁጥር 42፣ 28 ቁጥር 46፣ 30 ቁጥር 36፣ 32 ቁጥር 28፣ 34 ቁጥር 20፣ 36 ቁጥር 14 ቢሆን 200 ይሞላል። የቁጥሩ አጠራር ከአንዱ ሰፊ ወደ ሌላው ይለያያል። ስለሆነም በደብተራችሁ ላይ ከቁጥሩ ጎን የወገቡንና የርዝመቱን ሳንቲም ጻፉ፤ ሰፊ ብትቀይሩ የምትመኩት በሳንቲሙ ነው።

አሁን ዋናው ውሳኔ ይመጣል። 200ውንም አሰፍቶ መደርደር ሞኝነት ነው። ከግማሽ ጥቂት በለጥ የሚለውን፣ ለምሳሌ 120ውን ከ26 እስከ 32 ባሉት ቁጥሮች ላይ አተኩሮ ሐምሌ ውስጥ አሰፍቶ ማስቀመጥ፣ 80ውን ግን በጨርቅ መያዝ ነው። ብትን ጨርቅ ቁጥር የለውም፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ የጎደለው ቁጥር ይቆረጥለታል። ጨርቁ 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ከሆነ ለአንድ ሱሪ ወይም ለአንድ ባለ ፕሊሴ ጉርድ ቀሚስ በአማካይ 1 ሜትር ይያዝ፤ ሱሪው ያነሰ፣ ፕሊሴው ትንሽ የበለጠ ይወስዳል። ለ80 ልጅ ከብክነቱ ጋር 85 ሜትር ይበቃል። ሸሚዝ ነጭ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ለሁሉም ትምህርት ቤት ስለሚሆን ያለቀለት ቢገዛም አያሳስብም።

ጨርቁ በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ የቀለም ንከር የወጣ ጣቃ ሆኖ መገዛት አለበት። ሐምሌ ላይ ግማሹን፣ ነሐሴ ላይ ግማሹን የገዛ ሰው ሁለቱን ሱሪዎች ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ ልዩነቱን ያየዋል፤ ወላጅም ያየዋል። መርካቶ ሱቅ ውስጥ ባለው አምፖል ሁለቱም አንድ ይመስላሉ፤ ከደጅ ብርሃን አውጥቶ ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ ከመቆረጡ በፊት አንድ ፈተና አለ። ከጣቃው ላይ ቁራጭ ወስዳችሁ በእስክሪብቶ 50 በ50 ሳንቲም ሣጥን ሥሩበት፤ በቤት ሳሙና አጥባችሁ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ እንደገና ለኩት። በርዝመቱ 48 ከሆነ 4 በመቶ ገብቷል ማለት ነው። በ80 ሳንቲም ሱሪ ላይ ይህ ከ3 ሳንቲም በላይ ነው፤ ልጁ አንዴ ታጥቦለት ቁርጭምጭሚቱ ይታያል። እንዲህ ያለው ጨርቅ ወይ ቀድሞ ይታጠባል ወይ ይመለሳል። በውኃው ላይ ቀለም ከለቀቀም ነጩን ሸሚዝ ስለሚያበላሽ አይገዛም። ሰፊውን ደግሞ ከእግሩ ጫፍ ወደ ውስጥ 5 ሳንቲም እንዲያስተርፍና ራቅ ራቅ ባለ ስፌት እንዲይዘው ንገሩት። ወላጁ በዓመቱ ፈትቶ ያስረዝመዋል፣ ለእኛም የ28ና የ30ን ክፍተት ይሞላልናል።

ሹራቡ ለብቻው መታየት አለበት። በማሽን ስለሚሠራ እንደ ጨርቅ ተይዞ አይቆይም፤ የሚሠሩት ድርጅቶችም ከተወሰነ ብዛት በታች አይቀበሉም። መፍትሔው አርማውን ሹራቡ ላይ ቀጥታ አለማስጠለፍ ነው። ሹራቡ ያለ አርማ ይገዛል፣ አርማው ለብቻው ተጠልፎ ይቀመጣል፣ ሲሸጥ በአሥር ደቂቃ ይሰፋል። ተመሳሳይ ቀለም የሚጠቀሙ ሁለት ሦስት ትምህርት ቤቶች ካሉ ከአንዱ የተረፈው ለሌላው ይሆናል። ብዛቱን በተመለከተ የአዲስ አበባ ነጋዴ የሚነግራችሁን መጠን አትከተሉ። አዳማ ሞቃት ነው፤ ከ6ኛ ክፍል በላይ ያለ ነባር ልጅ ባለፈው ዓመት ሹራቡ ይዘልቃል። ሹራብ ለአዲስ ገቢና ለተዛዋሪ ተቆጥሮ፣ ለነባሩ ጥቂት ተጨምሮ ይያዝ፤ ጥቂት ደግሞ ለኅዳርና ለታኅሣሥ ጠዋት ብርድ ይቀመጥ።

ማስታወቂያው የሚጀምረው ውጤት በሚሰጥበት ቀን ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ወላጅ ካርድ ሊወስድ ልጁን ይዞ ይመጣል፤ በዓመት ውስጥ ልጁና ገንዘብ ከፋዩ አንድ ግቢ ውስጥ በብዛት የሚገኙት ያን ቀን ነው። ፈቃድ ተጠይቆ በር አጠገብ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት የልብስ መለኪያ ሜትርና የሁሉም ቁጥር አንድ አንድ ናሙና ይዞ መቆም ነው። ናሙናው ከሜትሩ ይበልጣል፤ ወላጅ ልጁን አልብሶ ሲያየው የሚፈልገውን «ያድግበታል» ራሱ ይመርጣል፣ ክርክር የለም። በእኛ የልኬት ካርድ ላይ የልጁ ስም፣ በመስከረም የሚገባበት ክፍል፣ ወገብ፣ ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ደረት፣ የተመረጠው ቁጥርና ስልክ ይጻፍ። ከ6 እስከ 10 ዓመት ያለ ልጅ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሳንቲም ያህል ስለሚያድግ ከሰኔ እስከ መስከረም ለውጡ ከ1 ሳንቲም ብዙ አይበልጥም፤ ያ 5 ሳንቲም እጥፋት ይሸፍነዋል። ከ11 ዓመት በላይ ያሉ ሴቶችና ከ13 በላይ ያሉ ወንዶች ግን ባንድ ክረምት ይመዘዛሉ። የእነሱ ካርድ ላይ ምልክት ይደረግና ነሐሴ ላይ እንደገና ይለኩ።

ለወላጁ የምንሰጠው ቅናሽ አይደለም። ሰኔ ላይ ቅናሽ ብታውጁ ገበያው እስከ መስከረም ያንኑ ዋጋ ይጠይቃችኋል። የምንሰጠው ሁለት ነገር ነው፦ 30 በመቶ ቀብድ ለከፈለ ዋጋው እስከ ጳጉሜ 3 አይጨምርም፣ አርማውም በነጻ ይሰፋለታል። የዕቃ ዋጋ በየወሩ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ «ዋጋው አይጨምርብዎትም» የሚለው ቃል ከ10 በመቶ ቅናሽ በላይ ይሰማል። ግን ይህን ቃል የሚገባው ጨርቁን አስቀድሞ የገዛ ሰው ብቻ ነው፤ ጨርቅ ሳይገዙ ዋጋ መቁረጥ ራስን ማክሰር ነው። ቀብዱ በቴሌብር ቢገባም ደረሰኝ ይቆረጥለት፣ ካርዱ ላይም ይጻፍ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ «ከፍያለሁ፣ አልከፈልክም» የሚለው ጭቅጭቅ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ 70 ያህል ካርድ ከተሰበሰበ የቁጥሩን ክፍፍል ማስተካከል ይቻላል። በምሳሌያችን 28 ቁጥር ከ200ው 46 ነበር፣ 23 በመቶ ማለት ነው። ከ70ው ካርድ 21ዱ 28 ከሆነ 30 በመቶ ሆነ። ወዲያው «28 ይጨመር» ለማለት ግን አትቸኩሉ። ቀድመው የሚለኩት ነባር ወላጆች ናቸው፤ የ1ኛ ክፍል አዲስ ገቢና ተዛዋሪው ገና አልተመዘገበም። ስለዚህ ካርዶቹ በክፍል ተለይተው ይታዩ፦ የ3ኛ ክፍል ልጆች ካርድ ካለፈው ዓመት የ3ኛ ክፍል ሽያጭ ጋር ይነጻጸር። እዚያም 28 ከፍ ካለ እውነት ነው፤ ካልሆነ ብልጫው የመጣው ማን ቀድሞ እንደመጣ ብቻ ነው።

ቀሪው ማስታወቂያ ቀላል ነው። ለየትምህርት ቤቱ አንድ የቴሌግራም ጽሑፍ፦ የልብሱ ፎቶ፣ ቁጥሩ በሳንቲም፣ ዋጋው፣ የመረከቢያ ቀን። «ሁሉም ዩኒፎርም አለን» የሚል ጽሑፍ ማንንም አያንቀሳቅስም፤ ወላጅ የሚያስተላልፈው የልጁን ትምህርት ቤት ስም ሲያይ ነው፣ ያውም ለክፍሉ ወላጆች በሙሉ። የባጃጅ ጀርባ ማስታወቂያና ሞንታርቦ የሚያመጡት የደብተር ገዢ ነው፤ ከነሐሴ 20 በፊት ገንዘብ አይፈስባቸው።

የገዢውን ኪስ ካላያችሁ ደግሞ ቀኑን ትስታላችሁ። ጳጉሜ ደመወዝ የላትም። የነሐሴ ደመወዝ እስከ መስከረም መጨረሻ 35 ቀን ይሸከማል፤ በዚያ ላይ የእንቁጣጣሽ ዶሮ፣ የምዝገባና የወሩ ክፍያ አለ። ስለዚህ ገበያው በሦስት ይመጣል። የመጀመሪያው ደመወዝ ከወጣ በኋላ እስከ ጳጉሜ 3 ያለው ነው፤ ቀብድ የከፈሉት ቀሪውን ከፍለው የሚወስዱት ያኔ ነው። ከዚያ ለበዓሉ ይቀዘቅዛል። ከመስከረም 3 በኋላ ትምህርት እስኪጀመር ሁለተኛው ግፊያ ይመጣል፤ እዚህ የሚገዛው ቀድሞ ያልተለካው፣ የተቸኮለውና የሚከራከረው ነው። ሦስተኛው የመስከረም ደመወዝ ሲወጣ ነው፤ ለሁለተኛ ቅያሬ የሚመለስ ወላጅ። ሱቁ በሁለተኛው ላይ ባዶ እንዳይሆን ካለቀለት ልብስ ሩብ ያህሉ ከእያንዳንዱ ቁጥር ተቀንሶ ከመደርደሪያው ጀርባ ይያዝ።

ሰፊውን በቀን ስንት እንደሚያወጣ ሳትቆጥሩ ቀን አትቁረጡ። ጨርቁ ተቆርጦ ከቀረበለት አንድ ጎበዝ ሰፊ በቀን ከ6 እስከ 8 ሱሪ ይሰፋል። በጨርቅ የያዝነው 80 ለሁለት ሰፊ ከ5 እስከ 7 የሥራ ቀን ይፈጃል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ይረዝማል። ሰፊው ለበዓል ወደ ቤተሰብ ይሄዳል። ስለዚህ ከነሐሴ 25 በኋላ የታዘዘ ልብስ ከበዓል በፊት አይደርስም ብሎ ካርዱ ላይ መጻፍና የመስከረም ቀን መስጠት ነው። ጳጉሜ 5 ምሽት ወላጅ በር ላይ ቆሞ ከሚጮህ ነሐሴ 26 ላይ ቢከፋው ይሻላል።

ስለ ደብተር አጭር ነገር ልበል። ትርፉ ቀጭን ነው፤ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ መንገድ ዳር የሚዘረጉት በእኛ ዋጋ ሥር ይሸጣሉ፣ ኪራይ የለባቸውም። ከእነሱ ጋር በነጠላ ደርዘን ዋጋ አትወዳደሩ። ትምህርት ቤቱ ለየክፍሉ የሚያወጣውን የቁሳቁስ ዝርዝር ወስዶ ደብተሩን፣ እስክሪብቶውን፣ እርሳሱን፣ ላጲሱን፣ ማስመሪያውንና ሽፋኑን በአንድ ከረጢት አስሮ «የ3ኛ ክፍል» ብሎ መሸጥ ነው። ትርፉ ከሽፋኑና ከላጲሱ ይወጣል፤ ወላጁም ከስድስት ቦታ ከመግዛት ይገላገላል። ዝርዝሩ ግን የዘንድሮው ይሁን፤ ባምናው ታስሮ ከሆነ ከረጢቱን ሁሉ መፍታት ይመጣል።

ደብተር ስትረከቡ ሚዛን ይኑራችሁ። 50 ሉክ ተብሎ 46 የሆነ ደብተር አለ፤ ሁሉንም መቁጠር አይቻልም። ከተለያዩ ካርቶኖች አንድ አንድ ደርዘን እየወጣ ይመዘን። መደበኛ ደብተር ላይ አራት ሉክ ሲጎድል ከደርዘኑ 100 ግራም ያህል ይቀንሳል፤ የቀለለውን ብቻ ከፍቶ መቁጠር ነው። ልዩነት የሚመጣው ከወረቀቱ ስስነትም ሊሆን ይችላል፤ በእስክሪብቶ ጫን ብሎ ጽፎ ጀርባውን ማየት ይለየዋል። ካርቶኖቹ መሬት ላይ አይቀመጡ። አዳማ ነሐሴ ላይ ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርደው ጎርፍ በአንድ ሌሊት በር ስር ይገባል፤ ታች ያለው ካርቶን ውኃ ከጠጣ ከላዩ ያለውም ይነፋል። ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ እንጨት፣ ከግድግዳውም እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይተው።

ልብስ መለወጥ ይኖራል፤ ሕጉ ቀድሞ ይጻፍ። ያልታጠበና ምልክቱ ያልተበጠሰ ልብስ እስከ መስከረም 25 በቁጥር ይለወጣል፣ ገንዘብ ግን አይመለስም። የሚለወጠው ሁሌም ወደ ላይ ነው፤ 28 ይመለሳል፣ 30 ይጠየቃል። ለዚህ ከእያንዳንዱ ትልቅ ቁጥር ሁለት ሁለት ሳይሸጥ ይቆይ። ካሸሩ አጠገብ ደግሞ አንድ ወረቀት ይሰቀል፤ ወላጅ ጠይቆ ያጣው ሁሉ በትምህርት ቤት፣ በዕቃና በቁጥር ይመዝገብበት። የሽያጭ ደብተር የሚያሳየው የተሸጠውን ብቻ ነው፤ 32 ቁጥር መስከረም 4 ላይ አልቆ 11 ሰው ባዶ እጁን ከተመለሰ ሽያጩ «32 አይሄድም» ብሎ ይዋሻል።

ከመስቀል በኋላ ቆጠራ ይደረጋል፦ የተረፈው በትምህርት ቤትና በቁጥር፣ ከጎኑ ጠይቆ ያጣው ቁጥር። አርማ ያልተሰፋበት ሹራብና ያልተቆረጠው ጨርቅ በንጹሕ ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከጣቃው ላይ የተቆረጠው ናሙናና የገባበት ወር ተጽፎበት ለየካቲት ይቀመጥ። አርማ የተሰፋባቸውን ጥቂት 24ና 36 ቁጥሮች ግን ለትምህርት ቤቱ በመግዣ ዋጋ መስጠት ይሻላል፤ ትምህርት ቤቱ በመሐል ለሚመጣ ተዛዋሪ ይጠቀምባቸዋል፣ እኛም በሚቀጥለው ሰኔ ለማኅተሙ ስንሄድ በሩ ክፍት ይሆናል።